ጉልበት ለሌለው ውሃ የትኛው ሻወር ሄድ ይሻላል?

ባሕር ዳር ውስጥ የቧንቧ ዕቃ ሱቅ ገብቶ «ውሃዬ ኃይል የለውም፣ ጥሩ ሻወር ሄድ ስጠኝ» ያለ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ይዞ የሚወጣው ትልቁን ነው። ሰፊውን፣ የሚያብረቀርቀውን፣ «ዝናብ» የሚሉትን። ሰፊ ከሆነ ብዙ ውሃ ያወርዳል ብሎ ነው። ልክ ነው፣ ያወርዳል። ግን ጭንቅላት ላይ ጠብ ጠብ እያለ ነው የሚያወርደው። ሳሙናውን ከፀጉር ለማስለቀቅ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል።

ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ውሃው ከሮቶ በራሱ ክብደት ለሚወርድላቸው ቤቶች ነው። ከተማችን ሜዳ ናት። ቤቱን ኮረብታ ላይ የሠራ ጥቂት ነው። ውሃ በፈረቃ ሲመጣ ሌሊት ሮቶው ይሞላል፣ ቀን ከሮቶው እንጠቀማለን። ስለዚህ ሻወር ቤት የሚደርሰውን ግፊት የሚወስነው የመንገዱ መስመር ሳይሆን የራሳችን ሮቶ የተቀመጠበት ከፍታ ነው።

ፍሰት ሌላ፣ ግፊት ሌላ

ፍሰት ማለት በደቂቃ ስንት ሊትር ውሃ ወረደ ማለት ነው። ግፊት ደግሞ ውሃውን የሚገፋው ኃይል ነው። ሻወር ስር ቆመን «ደስ ይላል» የምንለው ሁለቱ ሲገናኙ ነው። ብዙ ውሃ ያለ ግፊት ሲወርድ ያርሳል እንጂ አያጥብም። ትንሽ ውሃ በጥሩ ግፊት ሲወርድ ግን ሳሙናውን ይዞት ይሄዳል።

ግፊት የሚለካው በባር ነው። 1 ባር ማለት ከነጥቡ በላይ ወደ 10 ሜትር የሚጠጋ የውሃ ከፍታ ማለት ነው። ስለዚህ ሮቶው ውስጥ ያለው ውሃ ከሻወር ሄዱ በ2 ሜትር ከፍ ካለ ያላችሁ ግፊት 0.2 ባር ነው። በቃ። ሮቶው የ1,000 ሊትር ይሁን የ5,000 ለውጥ የለውም። ትልቅ ሮቶ ውሃው ቶሎ እንዳያልቅ ያደርጋል እንጂ ግፊት አይጨምርም። የሚቆጠረው ከውሃው ገጽ እስከ ሻወር ሄዱ ያለው ቁመት ብቻ ነው።

አሁን የሻወር ሄዱን ካርቶን ገልብጡና ተመልከቱ። ብዙዎቹ «9 ሊትር በደቂቃ፣ በ3 ባር» ይላሉ። 3 ባር ማለት የ30 ሜትር ከፍታ ነው። እንዲህ ያለ ግፊት ሮቶ ያለው ተራ ቤት ውስጥ አይገኝም። ታዲያ 9 ሊትሩ ስንት ይሆናል? ፍሰት ከግፊት ጋር እኩል አይወርድም፣ በግፊቱ ስኩዌር ሩት ነው የሚወርደው። ግፊቱ አራት እጅ ቢቀንስ ፍሰቱ በግማሽ ይቀንሳል። 0.15 ባር ላለው ቤት ሲሰላ ያ 9 ሊትር ወደ 2 ሊትር ይወርዳል። ለዚህ ነው ሆቴል ውስጥ የወደዳችሁት ሻወር ሄድ ቤት ሲገጠም የሚያሳፍረው። ዕቃው አልተበላሸም። የተሠራው ለሌላ ቤት ነው።

ሻጩ «ይሄኛው ግፊት ይጨምራል» ካላችሁ ፈገግ ብላችሁ እለፉት። ሞተር የሌለው ሻወር ሄድ ግፊት ሊጨምር አይችልም። ሊያደርግ የሚችለው ያለውን ግፊት ሳያባክን ወደ ፍጥነት መቀየር ነው። የጎማ ቧንቧ አፍ ላይ አውራ ጣት ሲደረግ ውሃው ራቅ ብሎ እንደሚረጨው ማለት ነው። ውሃው ግን ያው ውሃ ነው፣ እንዲያውም ያንሳል።

መጀመሪያ ባዶውን ቧንቧ ለኩ

ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ነገር አድርጉ። አሮጌውን ሻወር ሄድ ፍቱት። ከግድግዳው የወጣውን ባዶ ቧንቧ እስከ መጨረሻው ክፈቱና የ2 ሊትር ሃይላንድ በስንት ሰከንድ እንደሚሞላ በስልካችሁ ያዙ። የጠርሙሱ አፍ ጠባብ ስለሆነ አናቱን ቆርጣችሁ መጠቀም ይሻላል። በ10 ሰከንድ ከሞላ 12 ሊትር በደቂቃ ነው። በ20 ሰከንድ ከሞላ 6 ሊትር። በ40 ሰከንድ ከሞላ 3 ሊትር ብቻ።

ይህ ቁጥር ጣሪያችሁ ነው። ከባዶ ቧንቧው በላይ የሚያወርድ ሻወር ሄድ የለም። ልኬቱን ሮቶው ሙሉ ሲሆንና ሊያልቅ ሲል ለየብቻ ብትወስዱት ደግሞ ጥሩ ነው። ልዩነቱ ቀላል አይደለም።

አንድ ቤት ልውሰድና እንየው። የአክስቴ ቤት ሽምብጥ ነው፣ ምድር ቤት ብቻ ያለው። 1,000 ሊትር ሮቶ ከመሬት 3 ሜትር ከፍ ባለ የብረት ማቆሚያ ላይ ተቀምጧል። ሻወሩ ከወለሉ 2 ሜትር ላይ ነው። ሮቶው ሙሉ ሲሆን ውሃው አንድ ሜትር ያህል ጥልቀት ስላለው ከሻወሩ በላይ 2 ሜትር አለ። ሊያልቅ ሲል 1 ሜትር። በመካከሉ 1.5 ሜትር እንበል፣ ማለትም 0.15 ባር። «ውሃው ያለቅሳል እንጂ አይወርድም» ትላለች አክስቴ። የተገጠመላት 25 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ዝናብ ሻወር ነበር።

ባዶውን ቧንቧ ስንለካው 2 ሊትሩ በ20 ሰከንድ ሞላ። 6 ሊትር በደቂቃ። «እትዬ፣ ውሃው አለ እኮ» አልኳት። እሷም «ካለ ታዲያ የት ይሄዳል?» አለች።

ዋናው ጥያቄ ይሄ ነው። መልሱም አጭር ነው፤ የ1.5 ሜትሩን ግፊት ቧንቧውና ሻወር ሄዱ ይካፈሉታል። ውሃው በቧንቧው ውስጥ በፈጠነ ቁጥር፣ በየመታጠፊያውና በየቫልቩ ሲፋተግ ግፊቱ ይበላል። የቀረው ብቻ ነው ሻወር ሄዱ ዘንድ ደርሶ ውሃውን በቀዳዳዎቹ የሚወረውረው።

ዝናብ ሻወር ወይስ ትንሹ?

የአክስቴ ዝናብ ሻወር ባለ 1 ሚሊ ሜትር 150 ቀዳዳዎች አሉት እንበል። ቀዳዳዎቹ ሲደመሩ ሰፊ በር ናቸው። ውሃውን የሚያግደው ነገር ስለሌለ ከባዶ ቧንቧው ብዙም ሳይቀንስ 5.8 ሊትር ያህል በደቂቃ ይለቃል። ግን ያን ያህል ውሃ በዚያ ቧንቧ ለመሮጥ ከ150 ሴንቲ ሜትሩ ግፊት ውስጥ 140 የሚሆነውን መንገድ ላይ ጨርሶታል። ሻወር ሄዱ ዘንድ የሚደርሰው 8 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። በ8 ሴንቲ ሜትር ግፊት ውሃ አይወረወርም፣ ይንጠባጠባል። መሃል ያሉት ቀዳዳዎች ይፈሳሉ፣ ዳር ያሉት ያለቅሳሉ። ሻወር ሄዱ ትንሽ ካዘመመ ደግሞ ውሃው ሁሉ ወደ አንድ ጎን ይሄዳል።

አሁን በቦታው 40 ቀዳዳ ብቻ ያለውን፣ ስፋቱ ከ8 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር የሆነውን ትንሽ ሻወር ሄድ ግጠሙ። ቀዳዳዎቹ ያው ባለ 1 ሚሊ ሜትር ናቸው። ፍሰቱ ወደ 4.4 ሊትር ይወርዳል። በሩ ጠበበ። ነገር ግን ውሃው ቧንቧው ውስጥ ቀስ ብሎ ስለሚሄድ መንገድ ላይ የሚጠፋው ግፊት በእጅጉ ይቀንሳል። ሻወር ሄዱ ዘንድ 67 ሴንቲ ሜትር ግፊት ይደርሳል። ከ8 ወደ 67። ውሃው ከየቀዳዳው የሚወጣበት ፍጥነት ወደ ሦስት እጥፍ ይጠጋል።

ውሃው አነሰ፣ ሻወሩ ግን ተሻለ። ደካማ ግፊት ባለበት ቤት ንጽጽሩ የሚገለበጠው እዚህ ላይ ነው። ከዚህም ሌላ ለ10 ደቂቃ ሻወር ከሮቶው የሚወሰደው ከ58 ሊትር ወደ 44 ይወርዳል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ቤት ይህም ቀላል ነገር አይደለም።

«ታዲያ ቀዳዳውን ይበልጥ ብናጠበውስ?» የሚል ይኖራል። ገበያ ላይ እንዲህ ያሉም አሉ። ፊታቸው ቀጭን የብረት ሳህን ነው፣ በመርፌ የተበሳ የሚመስል በመቶዎች የሚቆጠር ቀዳዳ አላቸው። ሲወጣ ስስ የውሃ ክር ነው፣ ቆዳ ላይ ቆንጠጥ ያደርጋል። ግፊት ባለበት ቤት ደስ ይላል። በሮቶ ግፊት ግን ሁለት ችግር አለበት። አንደኛው፣ ክሩ በጣም ቀጭን ስለሆነ ገላ ላይ ሳይደርስ ይበተናል፣ ይቀዘቅዛልም፤ በባሕር ዳር ሙቀት ባያስጨንቅም ጠዋት ላይ ያንቀጠቅጣል። ሁለተኛውና ዋናው፣ ይደፈናል። ሮቶ ሥሩ ላይ ደለል የማይዝበት ቤት የለም። ውሃ ጠፍቶ ሲመለስ ከመስመሩ ቡናማ ነገር ይዞ ይመጣል። ያ ሁሉ መጨረሻው እነዚያ ቀዳዳዎች ናቸው። ግፊት ያለው ውሃ ቆሻሻውን ገፍቶ ያስወጣው ይሆናል፣ የእኛ ውሃ ግን አቅም የለውም።

ስለዚህ ምርጫዬ መካከለኛው ነው። ከ30 እስከ 60 ቀዳዳ፣ እያንዳንዱ የሚታይ፣ አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ፣ አፉ ላይ ለስላሳ የሲሊኮን ጡት ያለው። ጡቱን በጣት ስትፈትጉት ደለሉም ነጩ ቅርፊትም ይለቃል። ለብረት ሳህኑ ግን አቼቶና ፌስታል ያስፈልጋል፤ ሌሊቱን በአቼቶ ነክሮ ማሳደር።

ውስጣቸው ባለቀለም ጠጠር የተሞላባቸው «ውሃ ያጣራል» የሚባሉትንም ታገኛላችሁ። ጠጠሩ ግፊት ይበላል። ለእኛ ቤት አይሆኑም።

በእጅ የሚያዘውና ቱቦው

በእጅ የሚያዘው ሻወር አንድ የማይነገርለት ጥቅም አለው። ዝቅ ማለት ይችላል። ከፍታ ግፊት ነው ብለናል። የግድግዳው ሻወር 2 ሜትር ላይ ነው። በእጃችሁ ይዛችሁ ደረት ላይ፣ 1.2 ሜትር አካባቢ ስታደርጉት 80 ሴንቲ ሜትር ተጨማሪ የውሃ ከፍታ አገኛችሁ። የአክስቴ 1.5 ሜትር 2.3 ሆነ ማለት ነው። ብየዳ የለ፣ ሞተር የለ።

ግን ቱቦው አለ። ከዕቃው ጋር የሚመጣው የሚያብረቀርቅ ቱቦ ከውጭ ሲታይ ወፍራም ነው። ውስጡን ብታዩት ግን ብዙ ጊዜ 8 ሚሊ ሜትር ገደማ ቀዳዳ ያለው ቀጭን ፕላስቲክ ነው። 1.5 ሜትር ርዝመት ያለው እንዲህ ያለ ቱቦ ያገኛችሁትን 80 ሴንቲ ሜትር ሙልጭ አድርጎ ይበላዋል። ስናሰላው ያው 40 ቀዳዳ ያለው ሻወር በዚህ ቱቦ፣ ደረት ላይ ተይዞ፣ 4.4 ሊትር ያህል ይሰጣል። ልክ እንደ ግድግዳው። ግድግዳው ላይ ከሰቀላችሁት ደግሞ ወደ 3.6 ይወርዳል፣ ከፍታውንም አጣችሁ፣ ቱቦውም በላችሁ።

የውስጥ ስፋቱ ከ11 እስከ 12 ሚሊ ሜትር የሆነ ቱቦ ብታገኙ ግን ነገሩ ይለወጣል። ፍሰቱ ወደ 5.2 ሊትር ይወጣል፣ ሻወሩ ዘንድ የሚደርሰው ግፊትም 90 ሴንቲ ሜትር ያልፋል። ሦስት ሚሊ ሜትር ብቻ ናት ልዩነቷ። ነገር ግን በጠባብ ቱቦ ውስጥ የሚባክነው ግፊት ከስፋቱ ጋር እጅግ በፍጥነት ስለሚቀየር እያንዳንዷ ሚሊ ሜትር ዋጋ አላት።

ሱቅ ውስጥ እንዴት ይታወቃል? የተለመደችው ቀጭን እስክርቢቶ አካሏ 8 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። ቱቦው አፍ ውስጥ ስትከቷት ካልገባች ወይም ጥብቅ ካለች ቱቦውን መልሱት። ገብታ ወዲያ ወዲህ የምትል ከሆነ ጥሩ ነው። በሁለቱም ጫፍ ሞክሩ፣ አንዳንዱ ቱቦ መሃሉ ሰፍቶ ጫፉ ላይ ያለው መገጣጠሚያ ይጠባል። ርዝመቱም የሚበቃችሁን ያህል ይሁን። 2 ሜትር የሚያስፈልገው ቤት ብዙ አይደለም።

በኤሌክትሪክ የሚያሞቀው

ውሃውን እዚያው ራሱ ላይ የሚያሞቀው ፕላስቲክ ሻወር ብዙ ቤት አለ። ደካማ ውሃ ላለው ቤት ሌላ ሒሳብ አለው፣ እንዲያውም ለብዙዎች የሚስማማው እሱ ነው።

5,400 ዋት የሚለውን እንውሰድ። ውሃው በደቂቃ 4.4 ሊትር ከሆነ ሙቀቱን በ18 ዲግሪ ያህል ይጨምርለታል። ጠዋት ላይ ሮቶው ውስጥ ያለው ውሃ 20 ዲግሪ ቢሆን 38 ሆኖ ይወርዳል። ለገላ መታጠቢያ ልክ የሆነ ሙቀት ነው። ብዙ ውሃ ቢኖር ኖሮ ሙቀቱ አይበቃም ነበር። ያው ፍሰት 2.5 ሊትር ብቻ ከሆነ ግን የሚጨምረው 31 ዲግሪ ነው። 51 ዲግሪ የሆነ ውሃ ያቃጥላል። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ጥቁሩ ሮቶ በባሕር ዳር ፀሐይ ራሱ ውሃውን ሞቅ ስለሚያደርገው ይብሳል። ስለዚህ ፍሰታችሁ ደካማ ከሆነ ዝቅተኛ የሙቀት ደረጃ ያለውን ምረጡ። ሦስት ደረጃ ያለው ሁለት ብቻ ካለው ይሻላል።

ሌላው ነገር፣ ይህ ሻወር የሚበራው በውሃው ግፊት ነው። ውስጡ ያለው ላስቲክ ሲገፋ ነው ኤሌክትሪኩ የሚገናኘው። ብዙዎቹ ቢያንስ የ1 ሜትር የውሃ ከፍታ ይፈልጋሉ፣ መመሪያ ወረቀቱ ላይ ይጻፋል። የአክስቴ ሮቶ ሊያልቅ ሲል ከሻወሩ በላይ ያለው 1 ሜትር ነው፣ ከዚያ ላይ ቧንቧው ይበላል። ስለዚህ ሮቶው ሲጎድል ሻወሩ አንዴ ይበራል አንዴ ይጠፋል። «ዕቃው ተበላሸ» የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ ይሄ ነው። መብራቱ እልም ብልጭ ሲል ሮቶውን ተመልከቱ።

ከዕቃው ጋር በትንሽ ላስቲክ ከረጢት አንዲት ጠባብ ቀዳዳ ያላት ፕላስቲክ ትመጣለች። እሷ ግፊቱ ለበዛበት ቤት ናት። ለሮቶ ቤት አትገጠምም። ሠራተኛው «ከዕቃው ጋር ነው የመጣችው» ብሎ ከገጠማት አስወጧት።

ስለ ኤሌክትሪኩ አንድ ቃል ብቻ። 5,400 ዋት በ220 ቮልት 25 አምፔር ያህል ይስባል። ከአምፖል መስመር ተቀጥሎ የሚሠራ ዕቃ አይደለም። ቢያንስ ባለ 4 ስኩዌር ሚሊ ሜትር የራሱ ሽቦ፣ የራሱ ብሬከርና የሚሠራ ኧርዝ ይኑረው። ኧርዝ ከሌለ ቀዝቃዛውን ታጠቡ።

ካርቶኑ ላይ ምን ይነበባል፣ አንገቱ ውስጥስ?

ካርቶኑ ላይ የምትፈልጉት ዝቅተኛው የሥራ ግፊት ነው። «ከ0.1 ባር ጀምሮ» የሚል ለእኛ ተሠርቷል። «ከ1 ባር ጀምሮ» የሚል የ10 ሜትር ከፍታ ይጠይቃችኋል፣ እርሱት። «ሎው ፕሬዠር» የሚል ጽሑፍ ብቻውን ብዙም አይጠቅምም፣ ቁጥሩን ፈልጉ። «ኤር» እያሉ አየር ከውሃው ጋር እንደሚቀላቅሉ የሚናገሩትም አሉ። አየሩን የሚስበው የውሃው ፍጥነት ስለሆነ በሮቶ ግፊት ነገሩ ብዙውን ጊዜ አይሠራም። አንዳንዴም ውሃው በአየር መግቢያው በኩል ይንጠባጠባል።

ቀጥሎ አንገቱን ተመልከቱ፣ ከቧንቧው ጋር በሚገጥምበት በኩል። ብዙ ጊዜ ቀለም ያላት ክብ ፕላስቲክ ትቀመጣለች፣ ውሃ ለመቆጠብ ፍሰቱን የምትገድብ። ውሃ የሚቆጥበው ግፊት ያለው ቤት ነው። በሮቶ ቤት በአብዛኛው ልትወጣ ይገባል። በጥፍር ወይም በቀጭን ጠፍጣፋ ካቻቢቴ ትነሳለች። ማጣሪያዋን መረብ ግን አትጣሉ፣ ደለሉን የምትይዝ እሷ ናት። ውሃችሁ ከሮቶ ሳይሆን በቀጥታ ከመንገድ መስመር ከሆነ፣ ሌሊት ላይ ኃይለኛ ሊሆን ስለሚችል ገደቧን ከማውጣታችሁ በፊት ሌሊትም ለኩ።

ልትገጥሙ ስትሉ የቴፍሎኑን ነገር ተጠንቀቁ። ከጥርሱ ጫፍ አልፎ ወደ ውስጥ የገባ ቴፍሎን ተቆርጦ ሄዶ ቀዳዳዎቹን ይደፍናል። አዲስ ሻወር በሳምንቱ ከደከመ መጀመሪያ የምመለከተው እሱን ነው።

ሻወር ሄዱ የማይፈታው

የባዶው ቧንቧ ልኬት ከ4 ሊትር በታች ከሆነ ሻወር ሄድ መግዛቱን አቁሙና ወደ ቧንቧው ሂዱ።

የአክስቴ ቤት 6 ሊትር ነበር፣ ከገደቡ ብዙም ያልራቀ። ሮቶው ሥር ያለውን ቫልቭ ስናየው መያዣው ይዞራል፣ ውስጡ ግን በዝገት ግማሽ ላይ ቆሟል። በቦል ቫልቭ ተቀየረ። ቦል ቫልቭ ሲከፈት ቀዳዳው ቧንቧውን ያህል ስለሚሆን ለሮቶ መስመር እሱን ነው የምመርጠው። ከዚያ ባዶው ቧንቧ 2 ሊትሩን በ10 ሰከንድ ሞላ። 12 ሊትር። ትንሹ ሻወር ሄድ ከ4.4 ወደ 5.8 ሊትር ወጣ፣ የሚደርሰው ግፊትም ከ67 ወደ 114 ሴንቲ ሜትር። ዝናቡ ሻወር ተመልሶ ቢገጠም ወደ 11 ሊትር ይለቃል፣ ግፊቱ ግን 28 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። አሁን ቢያንስ አይንጠባጠብም። ለስለስ ያለ ዝናብ የሚወድ ሰው ሊኖርበት ይችላል፣ ሮቶው ቶሎ መጉደሉን ካልጠላ። አክስቴ ትንሹን መረጠች።

ሌላው የተለመደ ችግር አየር ነው። ከሮቶው የወጣው ቧንቧ ወርዶ፣ በግድግዳ ላይ ወጥቶ፣ እንደገና የሚወርድ ከሆነ ከፍ ያለው ጉብታ ላይ አየር ይታሰራል። ምልክቱ ሮቶው ባዶ ሆኖ ከተሞላ በኋላ ይመጣል። ቧንቧው ይተፋል፣ ያንኳኳል፣ ከዚያ ቀጥ ይላል። ዝቅ ብሎ ያለውን የግቢ ቧንቧ መጀመሪያ ክፈቱና አየሩ ይውጣ። ዘለቄታው ግን ቧንቧው ከሮቶው ጀምሮ ያለ ጉብታ እየወረደ እንዲሄድ ማድረግ ነው።

ቧንቧ ለማስቀየር ካሰባችሁ በስሙ አትታለሉ። ባለ 20 ሚሊ ሜትር የሚባለው ፕላስቲክ ቧንቧ 20 የሆነው ከውጭ ነው፣ ግድግዳው ወፍራም ስለሆነ ውስጡ 13 ወይም 14 ቢሆን ነው። ከሮቶው እስከ ሻወር ቤት በ25 አስዘርጉ። ጎሚቶውንም ቀንሱ፣ እያንዳንዱ መታጠፊያ ይበላል።

ሮቶውን ከፍ ማድረግስ? አንድ ሜትር ብትጨምሩ አክስቴ ዘንድ 1.5 ሜትሩ 2.5 ይሆናል፣ ፍሰቱም በ30 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ደህና ጭማሪ ነው። ግን ሙሉ ሮቶ አንድ ቶን ይመዝናል። ማቆሚያውን ቁራጭ ብረት በመበየድ ማስረዘም ግቢ ውስጥ ሕፃናት ባሉበት አይደረግም። ከመሠረቱ ይሠራ፣ ካልሆነ ይቅር።

ሞተር የመጨረሻው ነው። 100 ዋት አካባቢ የሚወስድ ትንሽ ግፊት መጨመሪያ የ8 ሜትር ያህል ከፍታ ይጨምራል፣ ያኔ ዝናብ ሻወሩም ዝናብ ይሆናል። ከሮቶው በኋላ ይገጠም። በቀጥታ ከመንገድ መስመር የሚስብ ሞተር የጎረቤትን ውሃ ይቀማል፣ በተሰነጠቀ ቧንቧ በኩልም ቆሻሻ ውሃ ሊስብ ይችላል። ብዙዎቹ ውሃው በራሱ መፍሰስ ሲጀምር ነው የሚነሡት፤ ፍሰታችሁ በደቂቃ ከ1 ወይም 2 ሊትር በታች ከሆነ ላይነሣ ይችላል። መብራት ሲጠፋም አለ። ሠራተኛው በጎን በኩል፣ ውሃን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ቼክ ቫልቭ ያለው ሁለተኛ መንገድ ካልሠራለት፣ መብራት በሌለበት ጠዋት ውሃው በቆመ ሞተር ውስጥ እየተጎተተ ከቀድሞውም ያነሰ ይመጣል። ይህን ሞተሩን ስታስገጥሙ ጠይቁ፣ በኋላ ግድግዳ ማስፈረስ ይሆናል።